የቡድን እድገት ደረጃዎችን ከመሪው እርምጃ ጋር አዛምዶ የኢሴይ መልስ መጻፍ

የቡድን እድገት ደረጃዎችን ከመሪው እርምጃ ጋር አዛምዱ በሚል ጥያቄ ነጥብ የሚያጡት አብዛኞቹ ተማሪዎች ደረጃዎቹን የማያውቁ አይደሉም። አምስቱንም በቅደም ተከተል ይዘረዝራሉ። የሚሳሳቱት ሌላ ቦታ ነው።

አንድ የመልስ ወረቀት አሁንም ይታየኛል። ተማሪዋ ሁለት ገጽ ሙሉ አምስቱን ደረጃዎች በሚያምር እጅ ጽፋለች። ርዕሶቹ በማስመሪያ ተሰምሮባቸዋል። ጥያቄው ግን ስለ አንድ የተወሰነ ቡድን ነበር፤ መሪው ምን ማድረግ እንደነበረበት ይጠይቃል። ስለዚያ የጻፈችው የመጨረሻውን መስመር ብቻ ነው፦ «መሪው ግጭቱን መፍታት አለበት።» ሰዓቱም እዚያ ላይ አለቀ። ከ20 ያገኘችው 7 ነው። ልጅቷ ትምህርቱን በደንብ ታውቀው ነበር። የሚቆጨኝም ይኸው ነው።

ከዚህ በታች አንድ ጥያቄ ይዘን ከመጀመሪያው ንባብ እስከ መጨረሻው መስመር አብረን እንሠራለን። ብዕርና ወረቀት ያዙ።

## የምንሠራበት ጥያቄ

> በአንድ የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ከሦስት ክፍሎች የተውጣጡ ስምንት ሠራተኞች የግብር ከፋዮችን መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እንዲያዛውሩ በአንድ ቡድን ተመደቡ። አራት ወር ተሰጣቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ዝም ብለው የአስተባባሪዋን ትእዛዝ ይጠብቁ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ሁለት ነባር ሠራተኞች መዝገቡ እንደ ድሮው በስም ይደራጅ አሉ። የኮምፒውተር ባለሙያው በመለያ ቁጥር ካልሆነ አይሠራም አለ። ነባሮቹም «ትናንት የመጣ ልጅ አያዘንም» ብለው ከእሱ ጋር መነጋገር አቆሙ። ሌሎች ሁለት አባላት ከስብሰባ መቅረት ጀመሩ። አስተባባሪዋ «እናንተ ባለሙያዎች ናችሁ፤ ተስማምታችሁ ጨርሱ» ብላ ሥራውን ለቡድኑ ተወችው። ቡድኑ በየትኛው የእድገት ደረጃ ላይ ነው? የአስተባባሪዋን እርምጃ ገምግሙ፤ ምን ማድረግ ነበረባት? (20 ነጥብ፣ 40 ደቂቃ)

## ከፈተናው በፊት፦ የምትይዙት ይህን ብቻ ነው

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ብሩስ ታክማን እ.ኤ.አ. በ1965 አራት ደረጃዎችን አስቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1977 ከሜሪ አን ጄንሰን ጋር ሆኖ አምስተኛውን ጨመረ። ለፈተና ይህን ያህል ታሪክ ይበቃችኋል።

ትልቁ ቁልፍ ግን ብዙ ተማሪ የሚዘለው ነገር ነው። ታክማን እያንዳንዱን ደረጃ ያየው በሁለት በኩል ነው። አንደኛው አባላቱ እርስ በርስ ያላቸው ግንኙነት ነው። ሁለተኛው ከሥራው ጋር ያላቸው ግንኙነት ነው። ደረጃን በአንዱ ብቻ ከለያችሁ ትሳሳታላችሁ፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብለን እናያለን።

ደረጃዎቹን በዚህ መልክ ያዟቸው።

ምስረታ፣ ፎርሚንግ። ሰዎቹ ጨዋና ቁጥብ ናቸው። ጥያቄው ሁሉ ወደ መሪው ይሄዳል። ሥራው ምን እንደሆነ ገና እየፈለጉ ነው። መሪው አቅጣጫ ይሰጣል፦ ግቡን፣ የእያንዳንዱን ድርሻና የጊዜ ገደቡን በግልጽ ይናገራል።

ውዝግብ፣ ስቶርሚንግ። ማን ይበልጣል፣ በማን መንገድ ይሠራ የሚል ፉክክር ይነሳል። ጎራ ይለያል፤ መቅረት ይጀመራል። መሪው አቅጣጫ መስጠቱን አያቆምም። ግን ያስረዳል፣ ያዳምጣል፣ ያሳምናል።

መግባባት፣ ኖርሚንግ። ቡድኑ የራሱን ደንብ ያወጣል። አባላቱ ሐሳብ በግልጽ ይለዋወጣሉ። መሪው ከትእዛዝ ወደ ኋላ ይላል፤ ውሳኔውን ይጋራል።

አፈጻጸም፣ ፐርፎርሚንግ። ችግሩ መሪው ጋ ሳይደርስ ይፈታል። መሪው ውክልና ይሰጣል፤ የሚጎድል ነገር ያሟላል፤ ከውጭ የሚመጣ ጣልቃ ገብነት ይከላከላል።

ስንብት፣ አድጆርኒንግ። ሥራው አልቆ ቡድኑ ይበተናል። መሪው ርክክቡን ያስጨርሳል፤ የሠራውን ያመሰግናል፤ የተገኘው ትምህርት በጽሑፍ እንዲቀር ያደርጋል።

አሁን አንድ ጥንቃቄ። የመሪው አራት ስልቶች፣ ማለትም ማዘዝ፣ ማሳመን፣ ማሳተፍና ውክልና መስጠት፣ የታክማን አይደሉም። ከኸርሲና ብላንቻርድ ሁኔታ ተኮር የአመራር ሞዴል የመጡ ናቸው፤ እነሱ መጀመሪያ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ያ ሞዴል የሚመዝነው የተመሪውን ብቃትና ፈቃደኝነት እንጂ የቡድንን ዕድሜ አይደለም። «ታክማን መሪው ውክልና ይስጥ ብሏል» ብላችሁ ከጻፋችሁ ስህተት ነው። «የታክማንን ደረጃ ከኸርሲና ብላንቻርድ ስልት ጋር ብናዛምደው» በሉ። አንድ ሐረግ ናት፤ ግን አራሚው ሁለቱን እንደምትለዩ ያይባታል።

## 1. መጀመሪያ ግሱን ፈልጉ (2 ደቂቃ)

ጥያቄውን ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አንብቡ። በእኛ ጥያቄ ሦስት ሥራዎች አሉ፦ ደረጃውን መለየት፣ የአስተባባሪዋን እርምጃ መገምገም፣ መደረግ የነበረበትን መናገር። ሦስቱንም በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ቁጥር ስጧቸው።

«አምስቱን ደረጃዎች አብራሩ» የሚል ቃል አለ? የለም። ስለዚህ አምስቱን አታብራሩ። ጥያቄው ያልጠየቀው ነገር ነጥብ የለውም፤ ጊዜ ግን ይበላል። ከዚያች ልጅ ወረቀት ላይ 13 ነጥብ የሄደው በዚህ ነው።

«አብራሩ» ከተባለ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ አምስቱም ያስፈልጋሉ፤ ለእያንዳንዱ ግን ከሦስት ዓረፍተ ነገር አትለፉ።

## 2. ማስረጃውን በሁለት ዓምድ ጻፉ (4 ደቂቃ)

በረቂቅ ወረቀታችሁ መሃል ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። በግራ «ሰዎቹ»፣ በቀኝ «ሥራው» በሉ። ከጥያቄው ላይ ያገኛችሁትን በአጭሩ አስገቡ።

| ሰዎቹ | ሥራው |
|---|---|
| ከባለሙያው ጋር መነጋገር ቆሟል | በስም ወይስ በመለያ ቁጥር? |
| «ትናንት የመጣ ልጅ» | አደረጃጀቱ አልተወሰነም |
| ሁለት ሰዎች ይቀራሉ | |

የመጀመሪያውን ሳምንት ዝምታ እዚህ አላስገባሁም። ጥያቄው የሚጠይቀው ቡድኑ አሁን ያለበትን ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ምስረታ ነበር፤ ያ አልፏል። ለማነጻጸር በአንድ ዓረፍተ ነገር ብትጠቅሱት ይበቃል።

አንዱ ዓምድ ባዶ ቢሆንስ? ወደ ጥያቄው ተመለሱና እንደገና አንብቡ። አሁንም ካላገኛችሁ በመልሳችሁ ላይ በቀጥታ ተናገሩት፦ «ጥያቄው ስለ ሥራው ሂደት አልነገረንም፤ ከግንኙነታቸው በመነሳት ግን…» ከራሳችሁ ማስረጃ አትፍጠሩ። አራሚው ጥያቄውን በቃሉ ያውቀዋል።

## 3. ደረጃውን ለዩ፤ በተለይ ዝምታ አያታልላችሁ (2 ደቂቃ)

የእኛ ቡድን ግልጽ ነው፤ ውዝግብ ላይ ነው። ሁሌ ግን እንዲህ ቀላል አይሆንም። ተማሪዎች በብዛት የሚያምታታቸው ጸጥ ያለ ቡድን ነው። ጸጥታ በምስረታም አለ፣ በመግባባትም አለ። አንዳንዴ ውዝግብም ድምፅ የለውም።

ሁለቱን ዓምዶች የምትፈልጓቸው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ነገር ጠይቁ።

ጥያቄ ሲኖራቸው ወደ ማን ይሄዳሉ? ሁሉም ወደ መሪው ከሆነ ምስረታ ነው። እርስ በርስ ከተጠያየቁ ቢያንስ መግባባት ላይ ደርሰዋል።

ሥራው ይንቀሳቀሳል? ሰዎቹ ፈገግ እያሉ ሥራው ለሳምንታት ካልተነቃነቀ፣ ያ መግባባት አይደለም። «ዝም አይነቅዝም» ብለው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ውዝግቡ ውስጥ ለውስጥ አለ፤ ሻይ ቤት እንጂ ስብሰባ ላይ አይነገርም።

ችግር ሲመጣ ማን ይፈታዋል? መሪው እየተጠራ ከሆነ ገና መግባባት ላይ ናቸው። ራሳቸው ፈትተው ለመሪው የሚነግሩት ከሆነ አፈጻጸም ላይ ደርሰዋል።

ሁለት ደረጃ ቢመስልስ? ይሆናል። አንዱን ምረጡ፤ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሌላውን ለምን እንዳልመረጣችሁ ተናገሩ። «ወይ ውዝግብ ወይ መግባባት ሊሆን ይችላል» ብላችሁ መሃል ላይ አትንጠልጠሉ። ያ መልስ አይደለም።

## 4. የግጭቱን ዓይነት ለዩ

ውዝግብ ላይ ከደረሳችሁ ይህን አትዝለሉ። «መሪው ግጭቱን ይፍታ» የሚለው ባዶ መልስ የሚመጣው ይህ ሲዘለል ነው።

ግጭት አንድ ዓይነት አይደለም። ካረን ጄን የተባለች ተመራማሪ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሠራቻቸው ጥናቶች ሦስት ዓይነት ለይታለች። የሥራ ግጭት፦ ምን ይሠራ፣ የትኛው ሐሳብ ይሻላል። የአሠራር ግጭት፦ ማን ምን ይሥራ፣ ኃላፊነቱ የማን ነው። የግንኙነት ግጭት፦ ሰውን መጥላት፣ መናናቅ፣ ቅያሜ።

ወደ ቡድናችን እንመለስ። «በስም ወይስ በመለያ ቁጥር» የሚለው የሥራ ግጭት ነው። ሁለቱም ወገን ምክንያት አለው። ነባሮቹ ፋይሉ መደርደሪያው ላይ በስም እንደተቀመጠ ያውቃሉ፤ ፋይል ፈልገው የሚያወጡት እነሱ ናቸው። ባለሙያው ደግሞ አንድ ስም ያላቸው ብዙ ግብር ከፋዮች እንዳሉ ያውቃል፤ በስም ከገባ የአንዱ ዕዳ በሌላው ላይ ይመዘገባል። ይህ ክርክር ጠቃሚ ክርክር ነው። መሪዋ ልታፍነው አይገባም።

«ትናንት የመጣ ልጅ አያዘንም» ግን ሌላ ነው። ስለ መዝገቡ ምንም አይናገርም። የዕድሜና የክብር ጉዳይ ነው፤ የግንኙነት ግጭት ነው። ከሥሩ ደግሞ የአሠራር ጥያቄ አለ፦ ማን ነው የሚወስነው? አስተባባሪዋ ይህን ከመጀመሪያው ስላልተናገረች እያንዳንዱ የራሱን መልስ ሰጠ።

መልሳችሁ ላይ ይህን ስትለዩ የመሪው እርምጃም ራሱ ይለያል። የሥራ ግጭት በማስረጃ ይፈታል። የአሠራር ግጭት ድርሻን በማካፈል ይፈታል። የግንኙነት ግጭት በስብሰባ ፊት አይነካም፤ ለብቻ በመነጋገር ነው።

## 5. እርምጃውን በቅደም ተከተል ስጡ

«መሪው ያሳምን» ብሎ ማቆም አይበቃም። ሰኞ ጠዋት ቢሮ የምትገባ ሴት አስቡ። መጀመሪያ ማን ጋ ትሄዳለች? ቀጥሎስ? በዚህ መልክ ከጻፋችሁ አራሚው ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንደጻፈው ይገባዋል።

ለእኛ ጥያቄ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

1. የተወችውን ኃላፊነት መልሳ ትያዝ። ለቡድኑ «እስክንስማማ ድረስ ውሳኔው የእኔ ነው» ትበል። ይህ ካልቀደመ ቀጣዮቹ አይሠሩም።
2. ወገኖቹን ለየብቻ ታነጋግር። ነባሮቹን በአንድ ወገን፣ ባለሙያውን በሌላ። የቀሩትን ሁለት ሰዎች ደግሞ ከማስጠንቀቂያ በፊት ለምን እንደቀሩ ትጠይቅ። ምናልባት ጭቅጭቁን ሸሽተው ነው።
3. የሥራውን ክርክር በሙከራ ትፍታ። 50 ፋይል በስም፣ 50 ፋይል በመለያ ቁጥር ይግባ። ስህተቱና የወሰደው ጊዜ ይቆጠር። ክርክሩ ከሰው ወደ ቁጥር ይዞራል።
4. ትወስን፤ ምክንያቱንም ታስረዳ። ምናልባት መለያ ቁጥሩ ዋና ሆኖ በስምም መፈለግ የሚቻልበት መንገድ ይመረጣል።
5. ድርሻ ታካፍል። ባለሙያው አደረጃጀቱን፣ ነባሮቹ የገባው መረጃ ከፋይሉ ጋር መመሳከሩን በኃላፊነት ይያዙ። ነባሮቹ እውቀታቸው የሚከበርበት ቦታ ሲያገኙ «ልጅ አያዘንም» የሚሉበት ምክንያት ይቀንሳል።

ከእርምጃዎቹ በኋላ መሥራታቸውን የሚያሳየውን ምልክትም ጻፉ። ይህን የሚያደርግ ተማሪ ጥቂት ነው። «በቀጣዩ ስብሰባ ክርክሩ ስለ ፋይል ከሆነ፣ የቀሩትም ከተመለሱ፣ እርምጃው ሠርቷል። አሁንም ስለ ዕድሜ ከሆነ ሁለተኛውን እርምጃ መድገም ያስፈልጋል።»

የሚሳሳቱበት ቦታ፦ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ። ሁሉንም በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ ይቅር ተባባሉ ማለት ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ነባሮቹ በሰው ፊት ተሸናፊ ከመሰሉ ነገሩ ይብሳል። ለዚህ ነው ለየብቻ ማነጋገሩ የሚቀድመው።

## 6. የተሰጠውን እርምጃ ገምግሙ

«ገምግሙ» ማለት «ተሳስታለች» ማለት ብቻ አይደለም። ያደረገችው የየትኛው ደረጃ እርምጃ እንደሆነ ስም ስጡት። አስተባባሪዋ ውክልና ሰጠች። ውክልና ለአፈጻጸም ደረጃ ይስማማል። ቡድኑ ያለው ግን ውዝግብ ላይ ነው። ሁለት ደረጃ ዘልላለች ማለት ነው።

ቀጥሎ መዘዙን ንገሩ። መሪ በውዝግብ መሃል ሲወጣ ክፍተቱን ድምፁ የጎላ ወይም ዕድሜው የገፋ ሰው ይይዘዋል። እዚህም ነባሮቹ ክፍተቱን ሊይዙት ይችላሉ።

ፍትሐዊም ሁኑ። ሐሳቧ ክፉ አልነበረም፤ ባለሙያዎቹን ማክበር ፈልጋለች። አባላቱ እያንዳንዳቸው ብቁ ናቸው። ግን አብሮ የመሥራት ብቃት ሌላ ነው። ብቁ ሰዎች የተሰበሰቡበት ቡድን ሁሉ ብቁ ቡድን አይሆንም። ይህችን ልዩነት ካሳያችሁ ግምገማችሁ ሚዛን አለው።

## 7. አንቀጹን በዚህ ሰንሰለት ጻፉ (27 ደቂቃ)

እያንዳንዱ አንቀጽ ይህን ይከተል፦ ማስረጃ፣ ደረጃ፣ ቡድኑ የሚያስፈልገው፣ እርምጃ፣ ምክንያት። ምሳሌ ይኸው።

> በአምስተኛው ሳምንት ሁለቱ ነባር ሠራተኞች ከኮምፒውተር ባለሙያው ጋር መነጋገር አቁመዋል፤ ሁለት አባላትም ከስብሰባ ቀርተዋል። በሥራው በኩል ደግሞ የመዝገቡ አደረጃጀት አልተወሰነም። ሁለቱም ምልክቶች ቡድኑ በታክማን የውዝግብ ደረጃ ላይ መሆኑን ያሳያሉ። በዚህ ደረጃ ቡድኑ የሚያስፈልገው ግልጽ አቅጣጫና የሚያዳምጥ መሪ በአንድነት ነው። ይህ ከኸርሲና ብላንቻርድ የማሳመን ስልት ጋር ይዛመዳል። አስተባባሪዋ ግን ለአፈጻጸም ደረጃ የሚስማማውን ውክልና ተጠቀመች። አባላቱ በየሙያቸው ብቁ ቢሆኑም በጋራ የሚወስኑበት ደንብ ገና ስለሌላቸው ውሳኔው ባዶ ቀረ፤ የዕድሜ ክርክሩም ሳይፈታ ቀረ።

ቁጠሩት፤ «መሪ ጥሩ መሆን አለበት» የሚል ዓረፍተ ነገር የለውም። በመጀመሪያው መስመር ላይ ትርጉም አልተሰጠም። ትርጉሙ ማስረጃው ውስጥ ገብቷል።

መግቢያችሁ ከሁለት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ፤ በውስጡም መልሱ ይኑር። «ቡድን ማለት የሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ስብስብ ነው» ብላችሁ አትጀምሩ። «ቡድኑ በውዝግብ ደረጃ ላይ ነው፤ የአስተባባሪዋ እርምጃ ግን ለአፈጻጸም ደረጃ የሚሆን ነው» ብላችሁ ጀምሩ።

## 8. ጥያቄው መሃል ላይ ቢዞር

ፈታኞች የሚወዱት አንድ ነገር አለ። ተከታይ ጥያቄ ይጨምራሉ፦ «በአሥረኛው ሳምንት ሁለቱ ነባር ሠራተኞች ተዛውረው ሁለት አዲስ ሰዎች መጡ። መሪዋ ምን ታድርግ?»

ብዙ ተማሪ ደረጃዎቹን እንደ ደረጃ መሰላል ስለሚያያቸው «ቡድኑ ወደፊት ይቀጥላል» ይላል። ቡድን ግን ወደ ኋላም ይመለሳል። አባል ሲለወጥ፣ መሪ ሲቀየር፣ ግቡ ሲታጠፍ ቡድኑ ከፊሉ ምስረታ ላይ ይወድቃል።

«ከፊሉ» የምትለውን ቃል ያዙ። የቀሩት ስድስት አባላት ደንባቸው አለ። ለሁለቱ አዲሶች ግን ሁሉም ነገር የመጀመሪያ ሳምንት ነው። ስለዚህ መሪዋ ለሁሉም አንድ ስልት አትጠቀምም። ለአዲሶቹ ግቡን፣ ድርሻውንና ደንቡን በቀጥታ ትናገራለች፤ ከስድስቱ አንዳንድ ሰው ታጣምርላቸዋለች። ለስድስቱ የሰጠችውን ነፃነት ግን አትነጥቅም። ከነጠቀች የረጋው ውዝግብ ይቀሰቀሳል።

አንድ ነገር ጨምሩ። ሁለቱ የወጡት ሰዎች ማመሳከሩን የያዙት ናቸው። ያ ሥራ አሁን ባለቤት የለውም። ይህን ካያችሁ ጥያቄውን በሚገባ አንብባችኋል ማለት ነው።

## 9. የሞዴሉን ገደብ በሁለት ነጥብ ብቻ ጨምሩ

ጊዜ ካላችሁ ይህ አንቀጽ ጥሩውን መልስ ከመካከለኛው ይለየዋል። ጊዜ ከሌላችሁ ተዉት፤ ዋናውን መልስ አትቁረጡለት።

አንደኛ፦ ታክማን ራሱ ቡድኖችን አልተከታተለም። 50 የታተሙ ጽሑፎችን አገናዝቦ ነው የጻፈው። ከእነዚያ ግማሽ ያህሉ ስለ ሥነ ልቦና ሕክምና ቡድኖች ነበሩ። የሕክምና ቡድን ደግሞ እንደ መሥሪያ ቤት ቡድን የሚያስረክበው ሥራና የተቆረጠ ቀን የለውም።

ሁለተኛ፦ ኮኒ ጌርሲክ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣችው ጥናት ስምንት እውነተኛ ቡድኖችን ተከታትላ ሌላ ነገር አገኘች። ቡድኖቹ በተርታ ደረጃ አልወጡም። በመጀመሪያ ስብሰባቸው የያዙትን መንገድ ይዘው ይቆያሉ፤ የጊዜያቸው አጋማሽ ላይ ሲደርሱ በአንድ ጊዜ ይለወጣሉ።

ይህን ከጥያቄው ጋር አያይዙት፤ አለበለዚያ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የቡድናችን ጊዜ አራት ወር ነው፤ 16 ሳምንት ገደማ። አጋማሹ ስምንተኛው ሳምንት ነው። ስለዚህ አስተባባሪዋ በስምንተኛው ሳምንት አሠራሩን እንደገና የሚያይ ስብሰባ አስቀድማ ትያዝ። የጌርሲክ ግኝት ወደ መሪ እርምጃ የሚለወጠው በዚህ ነው።

## ነገሩ ሲበላሽ

የደረጃውን ስም ረሳችሁ። ምልክቱን በራሳችሁ ቃል ግለጹ፤ «አባላቱ በሥልጣንና በአሠራር የሚሻኮቱበት ደረጃ» በሉ። ለስም የሚሰጠው ነጥብ ትንሽ ነው። ስሙን ለማስታወስ አምስት ደቂቃ አትቀመጡ፤ ቦታ ትታችሁ እለፉ።

ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሐሳቡ የሚመጣላችሁ ግን በአማርኛ ነው። ሁለቱን ዓምዶች በአማርኛ ሙሉ። መልሱን ግን ከመጀመሪያው በእንግሊዝኛ ጻፉ። በአማርኛ ጨርሳችሁ እተረጉማለሁ ካላችሁ 40 ደቂቃው አይበቃም።

የተሳሳተ ደረጃ እንደመረጣችሁ መሃል ላይ ተረዳችሁ። ሁሉንም አትሰርዙ። ማስረጃውን በትክክል ከጻፋችሁ እሱ ይሠራል። የደረጃውን ስምና የእርምጃውን ክፍል ብቻ በአንድ መስመር ሰርዛችሁ አርሙ።

አምስት ደቂቃ ቀርቶ እርምጃው አልተጻፈም። የያዛችሁትን አንቀጽ በነጥብ ዝጉ። የክፍል 5ን አምስት እርምጃዎች በቁጥር፣ እያንዳንዱን በአንድ መስመር አስቀምጡ። ከጎኑ «ምክንያቱም» ብላችሁ አንድ ሐረግ ጨምሩ። ያማረ አይሆንም፤ ግን አብዛኛው ነጥብ ያለው እዚያ ነው። መደምደሚያውን ተዉት።